ስድስት መቶ ይበልጣል ያለው ወንድሜ

ታናሽ ወንድሜ አናጢ ነው፤ ግትርነቱም የደረቅ እንጨት ነው፣ ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። የመሥሪያ ቤቱ መጋዝ ሁለት ጣቱን ሲቆርጥበት ቀጣሪው ምርጫ ሰጠው፦ ዛሬ አራት መቶ ሺህ ብር ካሳ፣ ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ስድስት መቶ ሺህ።

እኔ ባንክ፣ ብድር ክፍል ነው የምሠራው። «የዛሬውን ውሰድ!» ብዬ ጮህኩበት። «በአሥራ ሁለት በመቶ ብናስቀምጠው፣ ወለዱም ወለድ እየታሰበለት በአምስት ዓመት ሰባት መቶ ሺህ ያልፋል። የእነሱ ስድስት መቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ ሦስት መቶ አርባ ሺህ ገደማ ነው!»

«እታለም፣ እኔ እጅ ላይ ብር አይበረክትም። ደግሞስ ስድስት መቶ አይበልጥም?» አለና ፈረመ።

ያኔ የራሱን ወርክሾፕ የሚከፍትበት ማሽን አራት መቶ ሺህ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ የሰው በር ሲጠግን ከረመ። ትናንት ስድስት መቶውን ተቀብሎ ሊገዛው ሲሄድ፣ ዋጋው ሰባት መቶ ሃምሳ ገብቷል።

እቤቴ መጥቶ ተቀመጠ። ልቆጣው ተነሥቼ፣ እጁን ሳየው ተውኩት።

«እታለም፣ ይኼ ብር ባንክ ቢቀመጥ ሰባት መቶ ሃምሳ የሚሞላው መቼ ነው?»

«በሁለት ዓመት።»

«በቃ፣ እጠብቃለሁ» አለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማሽኑ ስንት እንደሚገባ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።