ቁልፍ ያበጀሁለት ገጽ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ስልክ እጠግን በነበረበት ዘመን፣ ከመተማ ተሻግረው ለሰሊጥ ሥራ የሚመጡ ልጆች ውሃ የገባባቸውን ስልኮች ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። ስልኩ ሲሞት በውስጡ ያለው ቁጥር ሁሉ አብሮ ይሞታል። የእናቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ሰው አይገኝም፤ እኔም ራሴ አላውቅም ነበር፤ ማንን ልስደብ!

ስለዚህ ትንሽ ድረ ገጽ ሠራሁ። ስም፣ አገር ቤት፣ የሚሠራበት እርሻ፣ የሚደወልበት ቁጥር፤ በቃ። ወደ እርሻዎቹ ውሃ በቦቴ የሚያመላልሱ ሹፌሮች የሠራተኞቹን ስም ይመዘግቡልኛል፤ ዘመድ የጠፋበት ከፍቶ ያያል። በመጀመሪያ ከሱቄ ላፕቶፕ ላይ ነበር የሚሠራው። መብራት በሄደ ቁጥር ግን ገጹም አብሮ ይሄዳል፤ ገዳሪፍ ላይ ደግሞ መብራት መሄድ ይወዳል።

የባንክ ካርድ ያለው ውጭ አገር የሚኖር ጓደኛዬ ርካሽ ሰርቨር ተከራየልኝ። የትም ይሁን የት የማላውቀው አገር ያለ፣ መብራት የማይጠፋበት፣ በቁጥር ብቻ የሚጠራ ኮምፒውተር ነው። በርቀት ገብቼ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ትእዛዝ ስጽፍለት እሺ ማለቱ አስገረመኝ። ገጹን የሚያንቀሳቅሰውን አፕ ጫንኩ፣ አስነሳሁ፣ በስልኬ ከፈትኩ፤ ሠራ። በደስታ ላፕቶፔን ከድኜ ምሳ ሄድኩ። ስመለስ ገጹ የለም። ለካ አፑን ያስነሳሁት እኔ በገባሁበት መስኮት ውስጥ ነበር፤ እኔ ስወጣ እሱም ይሞታል። ሰርቨሩ ራሱ እንዲያስነሳው፣ ቢወድቅም መልሶ እንዲያቆመው እስካዘው ድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ከዚያ ከፊቱ ዘበኛ አቆምኩለት። ሪቨርስ ፕሮክሲ ይሉታል። ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ እሱ ይቀበላል፤ ጥያቄውን ውስጥ ላለው አፕ ያቀብላል፤ መልሱን ተቀብሎ ለእንግዳው ያደርሳል። አፑ ከሰርቨሩ ውጭ ማንም በቀጥታ እንዳያገኘው አደረግኩት። ይሄን ነገር በጣም ወደድኩት። እንዲያው አፑን ሆን ብዬ እያጠፋሁ ዘበኛው ምን እንደሚል አይ ነበር፤ «502» ይለኛል፣ ውስጥ ማንም አልመለሰልኝም ማለቱ ነው።

ሰው ያለበት ቦታና ስልኩ ያለ ቁልፍ በአየር ላይ መሄዱ ግን ሰላም አልሰጠኝም። በመንገድ ላይ ያለ፣ ዋይፋዩን የሚያካፍለው ሰው እንኳ ማንበብ ይችላል። የገጽ ቁልፍ የሚሆነውን ሰርተፍኬት በነጻ የሚሰጥ አካል አለ፤ የሚጠይቀው የገጹ ስም በእርግጥ የአንተ መሆኑን ማሳየት ብቻ ነው። በገጹ ስም መጥቶ ሰርቨሩ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ፋይል ይፈልጋል፤ ካገኛት ይሰጥሃል። ሦስት ጊዜ መጣ፣ ሦስት ጊዜም አላገኘም። አናቴ ሊፈነዳ ሲል ነው ያለ ቁልፍ የሚገባበትን በር፣ ሰማንያ ቁጥር ፖርትን፣ በዚያው ጠዋት በፋየርዎል የዘጋሁት ራሴ መሆኔ ትዝ ያለኝ። ከፈትኩት፤ ወዲያው ሰጠኝ። በዚያው ያለ ቁልፍ የሚመጣውን ሁሉ ወደ ተቆለፈው በር እንዲመራ ዘበኛውን አዘዝኩት። የቁልፏ ምልክት ከስሙ አጠገብ ብቅ ስትል ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቁልፉ በገባ በዘጠነኛው ቀን እትዬ መጡ። እትዬ የምላቸው ከሱቄ ፊት ለፊት ልብስ የሚሸጡ የቋራ ሴት ናቸው፤ አብሯቸው የሚኖረው ታናሽ ወንድማቸው ጥቅምት ላይ ለሰሊጥ ወጥቶ ስልኩ ከጠፋ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። በየጠዋቱ ስሙን በእኔ ገጽ ላይ ይፈልጋሉ። ስልካቸው ላይ ሌላ የሚከፍቱት ነገር የላቸውም፤ ገጹን በአንድ ጣት እንዲነኩት እኔው ነበርኩ ያስቀመጥኩላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግኩህ?» አሉኝ። «መብራት ሄዶ ነው እያልኩ ሳምንት ታገሥኩ። ለሰው ሁሉ ከፍተህ ለእኔ ዘጋኸው? ወይስ ክፉ ሰምተህ ነው የማታሳየኝ?»

«ኧረ እትዬ፣ ምን ነካዎት!»

ስልካቸውን ሰጡኝ። ከገጹ ይልቅ ማስጠንቀቂያ ተደቅኗል። በእኔ ስልክ ከፈትኩ፣ ይሠራል። በጎረቤቴ ስልክ፣ ይሠራል። እሳቸው ቆመው እየጠበቁ እኔ ሰርቨሩን መመርመር ጀመርኩ፤ ሰርተፍኬቱን እንደገና አየሁ፣ ዘበኛውን አስነሳሁ። እንዲያው ለማፈር ካልሆነ ምንም አልረባም። በመጨረሻ ማስጠንቀቂያውን ራሱን አነበብኩት። ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል፣ ይላል።

ስልካቸው ላይ ቀኑን አየሁ። ሁለት ሺህ አሥር ዓመተ ምሕረት፣ አራተኛ ወር፣ አሥራ ሁለት።

«እትዬ፣ ይሄን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»

«ወንድሜ ነዋ። የኛ ቀን ነው፤ ታኅሣሥ አሥራ ሁለት አይደል? ለጥምቀት እመጣለሁ፣ በዚህ ቁጠሪ ብሎ አስተካክሎልኝ ሄደ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን ይዘልብኛል፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ ይጨምርብኛል፤ እኔ እመልሰዋለሁ፤ አሳይቶኛል።»

ስልኩ በእኛ አቆጣጠር ሲኖር ለብሮውዘሩ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው። ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበት ቀን አለው፤ በዚያ ስልክ ዓይን የእኔ ቁልፍ ገና አልተወለደም። ያለ ቁልፍ ሳለ ገጹ ቀን አይጠይቃቸውም ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደማረከኝ! ወረቀት አውጥቼ ዓመቱን ላሰላላቸው ስል ፊታቸውን አየሁ። ከንፈራቸው ደርቋል።

«ቀኑን ካልቀየርኩት አይከፈትም» አልኳቸው።

ቀኑን ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ «ቀይረው» አሉ። «ካየሁ በኋላ ግን እንደነበረ ትመልስልኛለህ።»

ቀየርኩት። ገጹ ተከፈተ። ወንድማቸው አለ። ስሙ፣ ቋራ፣ መፋዛ ወዲያ ያለ እርሻ፣ የወኪሉ ቁጥር። ሹፌሩ ከመዘገበው ስምንት ቀን ሆኖታል።

አፈርኩ። እሳቸው የወንድማቸውን ስም ደጃፌ ላይ ቆመው ደጋግመው ነግረውኛል። ዝርዝሩ በእጄ ነው። በእነዚያ ስምንት ቀናት ስንት ጊዜ ገጹን ከፈትኩ፤ ቁልፏን አይቼ እዘጋለሁ፤ ከሥሯ የተጻፈውን አንድ ቀን እንኳ አላነበብኩም። ይህንንም ነገርኳቸው። «ደውል» አሉኝ እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

በእኔ ስልክ ደወልኩ። የእርሻው ወኪል አነሳና በዓረብኛ ጠብቁ አለን። ብዙ ጠበቅን። ከዚያ የልጁ ድምፅ መጣ፤ እትዬ ስሙን ጠርተው ማልቀስ ጀመሩ። እሱም ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ ይላል። ቁጥርሽ ከስልኬ ጋር ጠፋብኝ፣ በዚያ የስም መዝገብ ታገኚኛለሽ ብዬ ነው፣ አላቸው። ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ለእኔም ይሰማኛል።

«ቀኑ ጠፍቶብኛል እኮ፣ እታለም። ጥምቀት ስንት ቀን ቀረው?»

እትዬ እንደ ልማዳቸው ስልካቸውን ሊያዩ ዞሩ። ስልኩ በእኔ እጅ ነው፤ የፈረንጅ ዲሴምበር ላይ ነው። በጣታቸው ቆጠሩ።

«ሃያ ዘጠኝ» አሉት።

«እንዲህ ነው እንጂ። ያስተካከልኩልሽን አልነካሽውም አይደል?»

«አልነካሁትም» አሉ፣ እኔን በዓይናቸው እየገረፉ።

ወንድምየው ስለ ጥምቀት ማውራት ሲቀጥል፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ አራተኛ ወር፣ አሥራ ሁለት ብዬ ቀኑን መለስኩት።