ኮሚቴው ደግፈዋል

ማስተማር ትቼ ጉርድ ሾላ ወዳለው መሥሪያ ቤት ስገባ የተሰጠኝ ሥራ ቃለ ጉባኤ መያዝና ኢሜይል ማርቀቅ ነበር። አማርኛ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ ሌሎቹም የሚጽፉትን ከመላካቸው በፊት ያሳዩኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር። ሳላጋንን እናገራለሁ ብዬ ነው የተነሣሁት፤ በሰው ስሕተት ደስ ይለኝ ነበር።

አብዛኞቹ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ሲረዝምባቸው ግሱ ይሸሻቸዋል። በእኛ ቋንቋ ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እዚያ እስኪደርሱ የጀመሩትን ይረሱና በቅርብ ያዩትን ስም ይዘው ይዘጋሉ። አንዱ ወጣት ባልደረባችን «ከየቅርንጫፉ የመጡት የዓመቱ ሪፖርቶች ዝርዝር ጠፍተዋል» ብሎ ለሁሉም ላከ። የጠፋው አንዲት ገጽ ዝርዝር ነበረች፤ ሪፖርቶቹ መደርደሪያቸው ላይ ነበሩ። ቅርንጫፎቹ ግን ደንግጠው ሁሉንም እንደገና ላኩ። እኔም ልጁን ሰው ፊት አቁሜ፣ ባለቤቱ ሪፖርቶች ሳይሆን ዝርዝር መሆኑን፣ ዝርዝር ደግሞ «ጠፍቷል» እንጂ «ጠፍተዋል» እንደማይባል እንደ ሦስተኛ ክፍል ተማሪ አስረዳሁት። ጆሮው ቀልቶ ሄደ።

የሠራተኛው ተወካይ የወሰን ሰፈር ልጅ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከተማው ሳይደርስባቸው እዚያው የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ ቤት ኦሮምኛ፣ ቢሮ አማርኛ ትናገራለች። እኔን «ጋሼ» ትለኛለች። ከጽዳት ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከእሷው ሰፈርና ከእንጦጦ ተዳፋት የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ጠዋት ከእሷ ጋር መገናኛ ላይ ተገናኝተው በአንድ ታክሲ ተሳፍረው ይመጣሉ፤ አንዷ ለሌላዋ ቦታ ትይዛለች።

አለቃችን የጽዳቱን ሥራ ለውጭ ድርጅት ለመስጠት ሲያስብ አንድ ኮሚቴ አቋቋመ። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ተወካይዋ አንዷ ናት። ቃለ ጉባኤውን የያዝሁት እኔ ነኝ። አራቱ ሐሳቡን ደገፉ። እሷ ግን እነዚህ ሴቶች ሕንፃው ሳይጠናቀቅ ጀምሮ ሲሚንቶ ሲጠርጉ የኖሩ ናቸው፣ ለሌላ ድርጅት ሲሰጡ ይበተናሉ አለች። በመጨረሻ ወደኔ ዞራ፣ «ጋሼ፣ ልዩነቴ ይመዝገብልኝ» አለች። መዘገብሁ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ አለቃው መሳቢያ ውስጥ ገባ። ሠራተኛው የሚያየው ኢሜይሉን ብቻ ነበር።

ኢሜይሉን በማግስቱ ጠዋት ጻፍሁት። አለቃው አጠገቤ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። እንዲህ ይላል፦ «የጽዳት ሠራተኞችን ጉዳይ እንዲያጠና ከአምስት የሥራ ክፍሎች የተውጣጡ ባልደረቦች ያሉበት ኮሚቴ፣ የቀረቡለትን አማራጮች ከመረመረ በኋላ፣ ሥራው ለውጭ ድርጅት እንዲሰጥ የቀረበውን ሐሳብ ደግፈዋል።» ላክሁት። የጽዳት ሠራተኞቹ ኢሜይል ስለሌላቸው ታትሞ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

በነጋታው ተወካይዋ ከሰሌዳው የነቀለችውን ወረቀት ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው እንጂ አልተቀመጠችም። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ቦታ የያዘላት እንዳልነበረ፣ ሰላምታዋን አንዳቸውም እንዳልመለሱ ነገረችኝ። ምን እንደሆኑ ስትጠይቅ አንዷ፣ ሁላችሁም ፈርዳችሁብን የለ እንዴ ብላታለች።

«ይቺን ቃል ይዩልኝ» አለች ጣቷን አሳርፋ።

አየሁት። ኮሚቴ ብዙ ሰው ቢይዝም ስሙ አንድ ነው፤ የሚዘጋው በ«ደግፏል» ነው። «ደግፏል» ቢል አካሉ በድምፅ ብልጫ የወሰነው ይሆናል፤ በውስጡ የተቃወመ ሊኖር ይችላል። «ደግፈዋል» ሲል ግን ግሱ ኮሚቴውን ትቶ ባልደረቦቹን ይዟል። አምስቱም፣ አንድ በአንድ፣ እሷም ጭምር። የዚያን ልጅ ስሕተት ራሴ ደግሜዋለሁ፤ የሱ ስሕተት የነካው ሪፖርት ነበር፣ የኔ ግን ሰው።

ከምሳ በፊት ማረሚያ እልካለሁ አልኋትና ወደ አለቃው ገባሁ። ዕድሜው ከኔ ያንሳል፣ ግን አለቃ ነው። መጀመሪያ አልገባውም፤ ኮሚቴ ሰዎች አይደለም ወይ አለኝ። አስረዳሁት። ከሚገባው በላይ ያስረዳሁት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ፊቱ ቀስ ብሎ ሲፈታ አየሁ።

«አሁን በተጻፈው ሁሉም የደገፉ ይመስላል ነው የሚሉኝ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይቆይ» አለ። «በአንድ ፊደል ሠራተኛውን አናውክ። የእርስዎም ውል መታደሻው ደርሷል አይደል?»

ወጣሁ። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ይታያል ተብሏል አልኋት። አንገቷን ነቅንቃ ሄደች፤ አምናኝ ነበር።

በሳምንቱ አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። እሷ ተነሥታ እንዳልደገፈች፣ ልዩነቷም እንደተመዘገበ ተናገረች። ከሴቶቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ማታ ትምህርት ማንበብ የተማሩ እናት፣ የኢሜይሉን ሌላ ቅጂ ከመቀነታቸው አወጡ። እያንዳንዱን ፊደል እየጠሩ አነበቡት። ከዚያ፣ «‹ኮሚቴው ደግፏል› ቢል፣ አንቺ ሳትኖሪበት ነው እል ነበር» አሏት። «‹ደግፈዋል› ነው የሚለው። አንቺም አለሽበት።»

በአዳራሹ ውስጥ ያንን ዓረፍተ ነገር በትክክል ያነበቡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። እሷ ወደኔ ጠቆመች፤ የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ ይጠየቁ አለች። አለቃው ኢሜይሉ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይስማማ እንደሆነ ጠየቀኝ። ተነሣሁ።

«የቋንቋ ግድፈት ሊኖርበት ይችላል» አልሁና ተቀመጥሁ።

ማን እንደደገፈና ማን እንዳልደገፈ አልተናገርሁም። ግድፈት ያልሁትን ሰዉ የነጠላ ሰረዝ ጉዳይ አድርጎ ወሰደው፤ እንደዚያ እንዲወስደው ፈልጌም ነው የተናገርሁት። እሷ ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ስብሰባው እስኪያልቅ መሬት መሬት ስታይ ቆየች።

ሴቶቹ በወሩ መጨረሻ ወጡ። እሷ ውክልናውን ተወች፤ ጥቂት ቆይታም ዝውውር ጠይቃ ሄደች። መሰናበቻ እንዲደረግላት አልፈለገችም። የኔ ውል ታደሰ።

ማረሚያውን የላክሁት ከዚያ በኋላ ነው። አለቃውን አላስፈቀድሁም፤ የሚከለክለኝ ምክንያትም አልነበረውም፣ ነገሩ አልቋል። «በቀደመው ኢሜይል ‹ደግፈዋል› የሚለው ‹ደግፏል› ተብሎ ይነበብ» የሚል አንድ መስመር ነበር። አንድ ሰው ብቻ መለሰ፤ ለቋንቋችን ስለምጠነቀቅ አመስግኖኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት እንጦጦ ራጉኤል ተሳልሜ ስወርድ እኒያን እናት አገኘኋቸው። ጥላ ዘርግተው ጥግ ላይ አርፈዋል። አወቁኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች ተጠያየቅን። ከዚያ እኔው ጀመርሁት፤ ያች ልጅ እንዳልደገፈች፣ የተሳሳትሁት እኔ እንደሆንሁ፣ ቃሉ ምን መባል እንደነበረበት ነገርኋቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አውቄዋለሁ» አሉኝ። «ቤቷ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ቆይቷል። እርስዎስ ሄዱ?»

አልሄድሁም አልኋቸው። ጥላቸውን አጠፉና ቁልቁለቱን ቀድመውኝ ወረዱ።