ሦስቱም ሳድስ

የስንቷን ሴት ምጥ ቁጭ ብላ የጠበቀችው ጡረተኛ አዋላጅ፣ የገዛ ወንድሟን ግን ልትታገሠው አልቻለችም። እናታቸው ስትቀበር አልመጣም። ከዚያ ወዲህ ስሙን አትጠራም፤ «የቀረው» ነው የምትለው። ዛሬ በምሳ ሰዓት ሳይታሰብ ከች አለ። ሻንጣውን በር ሥር አስቀምጦ፣ «እትዬ፣ አንድ ዙር እንጫወትና ልሂድ» አላት።

የፊደል ጨዋታውን ድሮ የሠራው እሱ ነው፤ አናጺ አይደል? በየእንጨቱ ላይ የፊደሉን ግዕዝ ብቻ ቀረጸ፣ ከሥሩ ነጥቡን። መ የተጻፈበት ሙም፣ ማም፣ ምም ይሆናል፤ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ቃሉን የሠራው ሰው ጮክ ብሎ ሲያነበው ነው። በሰሌዳው ላይ ቀዩ ቤት የቃሉን ነጥብ በሦስት ያባዛል፣ ሰማያዊው የአንዱን ፊደል በሁለት።

ፊደል እየደረደሩ፣ ቃሉን ብቻ እያነበቡ ተጫወቱ። ፊደል የሚወጣበት ከረጢት ባዶ ሆነ። እሱ በሃያ ነጥብ እየመራ አንዲት ፊደል ብቻ ቀረችው፤ እሷን ከደረደረ ጨዋታው ያበቃል፣ ሻንጣውም ይነሣል።

አዋላጇ እጅ ላይ ዠ፣ ነ፣ ጠ፣ የ፣ ቀ እና ጰ አሉ። ጰ ጉድ ሠርቷታል። ሌላ ጰ እና አንድ ሰ ቢኖራት ጳጳስ አድርጋ ትሾመው ነበር! ዠ ግን መውጫ አለው፤ ሰሌዳው ላይ ካለችው ለ ፊት ዠ፣ ነ፣ ጠ ቢገቡ ዣንጥላ ይሆናል። ዐሥር፣ አንድ፣ አራት፣ የለ አንድ፤ ዐሥራ ስድስት። ዠ ቀዩ ቤት ላይ ስለሚያርፍ አርባ ስምንት። እጇ ላይ ለሚቀሩት ዐሥራ አምስት ቢቀነስባት እንኳ ትበልጠዋለች።

እጇን ዘረጋች። ያኔ እጇ ላይ ያሉትን የ እና ቀ አየች፤ ሰሌዳው ላይ ካለችው ረ ፊት ሁለት ቤቶች ባዶ ናቸው። የ ሁለት፣ ቀ ሰማያዊው ላይ ስድስት፣ ረ አንድ፤ ዘጠኝ ነጥብ፣ ሽንፈት። ግን ስታስቀምጠው ማንበብ ግዴታዋ ነው። ከምሳ ጀምሮ አፏ እምቢ ያላትን ቃል ደንቡ ያስወጣላታል። ሁለቱን ፊደሎች አስቀመጠች።

ከአፏ ሳይወጣ እሱ ቀደማት። «የቀረ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ገባኝ፣ እትዬ። አይፈረድብሽም።» ብድግ ብሎ ወደ ሻንጣው ዞረ።

«ቁጭ በል አንተ! የሚያነበው ያስቀመጠው ነው። ደንቡን ያወጣኸው አንተ አይደለህ እንዴ?» በጣቷ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካች። «ሦስቱም ሳድስ ናቸው። ይ... ቅ... ር።»

ሰሌዳውን አየ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ የቀረጸ ሰው፣ ያልወጣው የትኛው እንደሆነ አይጠፋውም። ሰሌዳው ላይ ያለችውን ለ አየ፣ ቀዩን ቤት አየ።

«ዠን ይዘሽ ነው?»

«ምን አገባህ። ጨርስ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። የመጨረሻዋን ፊደል እጁ ውስጥ ጨበጣት።

«አልፌያለሁ» አለ። «ተራው ያንቺ ነው።»