ሁለት የክብሪት እንጨቶች

የመብራት ሥራን ከመምህር አልተማርኩም። የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ አንድ ሽፋኑ የተቀደደ የሙያ መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እያነበብኩ፣ ስሳሳት በንዝረቱ እየተቀጣሁ ነው ያወቅሁት። ኋላ ፈተና አልፌ በመስመር ሠራተኛነት ተቀጠርኩ። በዚህ እኮራ ነበር። ራሱን ያስተማረ ሰው ግን አንድ መጥፎ አመል አለበት፤ ለሌላው የሚከለክለውን ለራሱ ይፈቅዳል። ይህን ያወቅሁት አርጅቼ አይደለም፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ቢቸና ላይ፣ በሦስት መቶ ልጆች ፊት ነው።

በዚያን ጊዜ የምሠራው ሞጣ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሴት ልጄ ቢቸና ከታላቅ እህቴ ጋር ትኖር ነበር፤ አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። እኔ ሞጣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በየሁለት ሳምንቱ በአውቶቡስ እየሄድኩ አያታለሁ። ስደርስ ደብተሯን እመረምራለሁ፣ የተሳሳተችውን አስደግማታለሁ፣ ዋሽታ ከሆነ እቀጣታለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ። ሌላ የምንነጋገረው ነገር አልነበረንም። ፍቅር ማለት ይህ ይመስለኝ ነበር።

በሚያዝያ ነፋስ ከልጄ ትምህርት ቤት ጀርባ አንድ ሽቦ ተበጥሶ ወደቀ። ጠግነን ስንሄድ ልጆች የወዳደቀ ቁራጭ ለቅመው መኪና ሲሠሩበት አየን። ያ ቁራጭ ጉዳት የለውም፤ እኛው የጣልነው ነው። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሽቦ ሲወድቅ ቀድመውን የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ተጨንቀው አንድ ሰው መጥቶ ልጆቹን እንዲመክር ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ። አለቃዬ «አንተ መምከር ትወዳለህ» ብሎ እኔን ላከኝ። ሲስቅብኝ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ደስ አለኝ፤ ልጄ ትሰማኛለች።

ከየትም ኃይል ያልተገናኘ ሶኬት አንድ ሳንቃ ላይ በብሎን አስሬ ይዤ ሄድኩ። ልጆቹን ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰቧቸው። ልጄ ሦስተኛው መስመር ላይ ነበረች። ሳያት ዓይኗን መለሰች፤ እንደምትፈራኝ ለምጄዋለሁ።

«ከነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች በአንዱ ኃይል አለ» ብዬ ጀመርኩ። «የትኛው እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ሚስማር፣ የፀጉር ሽቦ፣ የእስክሪብቶ ጫፍ፣ ማንኛውንም ነገር ብትከቱበት ኃይሉ በእጃችሁ ገብቶ በእግራችሁ ወደ መሬት ይወጣል። በመካከል ልብ አለ።»

አንዱ ከኋላ «ጋሼ፣ ቆጣሪው አይዘልም?» አለ።

«አይዘልም። ማጥፊያው የሚዘለው ብዙ ኃይል ሲሳብ ነው። ልብን የሚያቆመው ደግሞ አንድ አምፖል ከሚያበራው ያነሰ ነው። ሰው ሲሞት ቆጣሪው አይሰማውም።»

ጸጥ አሉ። ወደድኩት። እውነቱን ልናገርና ሰው ዝም ብሎ ሲሰማኝ መውደዴም ኃጢአት ነበር።

ቀጥሎ ያሰብኩት በየቤቱ የሚሠራውን ስሕተት ማሳየት ነበር። ስፒና ሲሰበር ወይም ሲጠፋ ሰው የገመዱን ጫፍ ይልጥና ራቁቱን ሽቦ ሶኬት ውስጥ ይከታል፤ እንዳይወጣ በክብሪት እንጨት ይወትፈዋል። በቢቸናም በሞጣም ይህ የሌለበት ቤት አላየሁም። ከኪሴ ቁራጭ ገመድና ክብሪት አወጣሁና ማንም እንደማይደፍር እርግጠኛ ሆኜ ጠየቅሁ።

«ቤታችሁ ስፒና ሲጠፋ ሬዲዮ እንዴት እንደሚከፈት የሚያሳየኝ አለ?»

አንዲት እጅ ተነሣች። የልጄ ነበረች።

ወጣች። ከዚያ በፊት በሰው ፊት እጇን አውጥታ አታውቅም፤ መምህሯ ኋላ ነገረችኝ። የሽቦውን ጫፍ በሁለት ጣቷ ጠመዘዘች፣ አጠፈችው፣ ከተተችው፣ የክብሪቱን ራስ ሰብራ እንጨቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ገፋችው። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ገመዱን ሳብ አድርጋ እንደማይወጣ አሳየች። ልጆቹ አጨበጨቡ። እሷ ወደ እኔ ዞራ ፈገግ አለች።

እኔ ያየሁት የራሴን እጅ ነው። ሽቦውን አጥፎ መክተት፣ የክብሪቱን ራስ መስበር፣ በጥፍር መግፋት፣ ይህ የኔ አሠራር ነው። ከአንድ ዓመት በፊት እህቴ ቤት ያለው የቴፕ ስፒና ተሰብሮ «ነገ እገዛለሁ፣ ለጊዜው ይሁን» ብዬ እንዲህ አድርጌ ሄጃለሁ። ልጄ አጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ነገ አልገዛሁም። በየሁለት ሳምንቱ መጥቼ አይቼዋለሁ፣ አልፌዋለሁ። ባለሙያ ስለሆንኩ አደጋው እኔን የሚያውቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ያዘጋጀሁት ቃል ግን አፌ ላይ ደርሶ ኖሮ ሳላስብ ወጣ።

«ይህን የሚያደርግ ሰው ለልጆቹ ጉድጓድ እየቆፈረ ነው» አልኩ።

ፈገግታዋ ጠፋ። መምህሯ «ማን አስተማረሽ?» አለቻት። ልጄ አንድ ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያየች «ማንም። ራሴ ነኝ ያወቅሁት» አለች።

«የመብራት ሠራተኛ ልጅ ሆነሽ» አሉ ርዕሰ መምህሩ፣ «አታፍሪም? ሌላ ጊዜ ቢሆን ወላጅ አምጪ ነበር የምልሽ። ወላጅሽ እዚሁ ስላሉ ቅጣቱን ለእሳቸው ትቼዋለሁ። እስኪያልቅ እዚያው ቁሚ።»

መናገር የነበረብኝ በዚያች ደቂቃ ነው። ዋሸሽ ብዬ ስንት ጊዜ የቀጣኋት ልጅ ለእኔ ብላ ስትዋሽ ሰማሁ። ምንም እንዳልሆነ ስለ ወደቀ ሽቦ ቀጠልኩ። መሬት ላይ የተኛ ሽቦ ባይበራም፣ ባይጮኽም ኃይል ሊኖረው እንደሚችል፣ በዙሪያው ያለው መሬት ራሱ ኃይል እንደሚይዝ፣ ስለዚህ በዱላም እንዳይነካ፣ ቢያንስ አሥራ አምስት የትልቅ ሰው እርምጃ እንዲርቁና ትልቅ ሰው እንዲጠሩ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ መብራት ጠፍቶ ቢሆንስ?» አለ ያው ከኋላ ያለው።

«ያኔም አይነካም። ከጣቢያ ያለው ሰው ሽቦው መውደቁን ሳያውቅ መልሶ ሊያበራው ይችላል። የተያዘ ሰው ብታዩም እንዳትነኩት፤ እናንተንም ይጨምራል። ሮጣችሁ ሰው ጥሩ፣ ከብትም ሰውም እንዳይቀርብ ከሩቅ ሆናችሁ ከልክሉ።»

ሁሉም ትክክል ነበር። ልጄ ከጎኔ፣ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ እጇን ከኋላ አጣምራ ቆማ ነበር። አንድ ጊዜም አላየኋትም።

ከልጄ ጋር እህቴ ቤት ስንገባ ቴፑ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ ሁለቱ የክብሪት እንጨቶችም ሶኬቱ ውስጥ።

«እታለም» አልኳት እህቴን፣ «ይህን ማነው የሚነካው?»

«እሷ ናት እንጂ። ጠዋት ትሰካዋለች፣ ማታ ትነቅለዋለች። እኔማ እፈራለሁ። ‹አባባ እንዲህ ነው የሚያደርጉት› ትለኛለች። አንተ አይደለህ እንዴ ያሳየሃት?»

አንድ ዓመት ሙሉ። በባዶ እግሯ፣ በአፈር ወለል ላይ፣ ጠዋትና ማታ። መደቡ ላይ ተቀመጥኩ።

ልጄን ጠራኋት። የምቀጣት መስሏት በሩ ላይ ቀረች።

«ለምን ‹አባቴ ነው› አላልሽም?»

«ይስቁብዎታል ብዬ።»

«እጅሽንስ ለምን አወጣሽ?»

«እርስዎ የሚያውቁትን እንደማውቅ እንዲያዩ ብዬ» አለች።

ለመምከር የሚፈስ አንደበቴ ለአንድ ልጅ «ይቅር በይኝ» ማለት ከበደው። ተነሥቼ ከቆጣሪው ኃይሉን አጠፋሁ፣ ኃይል አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጥኩ፣ እንጨቶቹን አወጣኋቸው። ቅዳሜ የቢቸናን ሱቆች ዞሬ አንድ ስፒና አገኘሁ። ገመዶቹን በብሎን አሰርኩ፣ መያዣውን አጠበቅሁ። ልጄ ከሩቅ ታይ ነበር፤ እንደ ድሮው አልቀረበችም።

እሑድ መመለስ ነበረብኝ፤ አልተመለስኩም። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈው ሳለ ርዕሰ መምህሩን አንድ ደቂቃ ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ የረሱት ምክር አለ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ሁለቱን እንጨቶች ከኪሴ አውጥቼ በእጄ ያዝኩ። «ዓርብ ዕለት ያቺ ልጅ ያሳየቻችሁን ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አልኩ። «የሠራሁት በራሴ እጅ ነው፤ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ። ስትቀጣም ዝም አልኩ። ውሸቷ እኔን ለመሸፈን ነው። ሶኬትም የወደቀ ሽቦም ባለሙያ አይለይም። አባታችሁም ቢሆን ሲያደርገው ካያችሁ እንዳትከተሉት።»

አንዱ ከኋላ «ጋሼ ክብሪት» አለ፣ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ርዕሰ መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። ልጄን ፈለግኋት። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችምም። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ከጓደኞቿ ጋር ወደ ክፍል ገባች። ስትሄድ አልዞረችም። ይቅር ብላኝ ይሁን አፍራብኝ፣ ያን ዕለት አላወቅሁም። ዛሬም ጠይቄያት አላውቅም።

ሞጣ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ክፍሌን ስከፍት መጀመሪያ የማደርገው ሬዲዮ መክፈት ነው፤ ከሥራ ውጪ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር። እጄን ዘረጋሁና ቆምኩ። የሬዲዮዬ ገመድ ራቁቱን ሶኬቱ ውስጥ ነበር፣ በሁለት የክብሪት እንጨቶች ተወትፎ። በዚያ ሁሉ ቀን አንዴም ትዝ አላለኝም።

ኃይሉን አጥፍቼ ነቀልኩት። ወጥቼ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፤ ስፒና አልቋል አሉኝ፣ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ተመልሼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቴ ቤተሰብ ራት እየቀረበ ኖሮ ይጠራራሉ። ገመዱን ጠቅልዬ ሬዲዮው ላይ አኖርኩትና እነሱን እየሰማሁ ቆየሁ።