ባሌ በእርሳስ ያጠፋው ጠባሳ

ባሌ ፎቶ ቤት ከፍቶ አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሳምር ኖሯል። የሰፈሩ ማኅበር በማታው ሥልጠና ላይ «ፎቶ ስለሚያይና ስለሚሠራ ኤአይ አስረዳን» ሲለው፣ ሳምንቱን በሙሉ ሳሎን ውስጥ እኔን ተማሪ አድርጎ ተለማመደብኝ። ካዛጋሁ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በቀጠሮው ቀን አዳራሹ ሞላ። የጓዳዬን መደርደሪያ ፎቶ ግድግዳው ላይ አበራና ኤአዩን «ምን ይታይሃል?» አለው። ጠርሙሱን፣ ድስቱን፣ የተንጠለጠለውን ፎጣ ሳይቀር አንድ በአንድ ተናገረ። «ጠርሙሱ ስንት ነው?» ሲለው ምንም ሳያፍር አሥራ አራት አለ። አሥራ ሰባት ነው፤ የማጥበው እኔ ነኝ።

«አያችሁ፣ ጎበዝ ነው፤ ሲሳሳትም ግን እንደዚያው በልበ ሙሉነት ነው የሚናገረው» አለ ባሌ። ይቺን ዘጠኝ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የሟች ባሏን የሠርግ ፎቶ ይዛ ከሴት ልጇ አጠገብ ተነሳች። ሰውዬው በእጮኝነታቸው ጊዜ እሷን ሊያይ አጥር ሲዘል ወድቆ ግራ ጉንጩ ተሰንጥቆ ነበር። ልጅቱ ሳትወለድ ስለሞተ በፎቶ ብቻ ነው የምታውቀው። እናቷ ታሪኩን ባወራች ቁጥር «እማዬ፣ ፎቶው ላይ ጠባሳ የለም፤ ፈጥረሽ ነው» ትላታለች። ዘንድሮ ጣሪያው አፍስሶ ያንኑ ጉንጭ ውሃ በላው።

«እስቲ ይሄ ነገር እውነቱን ያውጣልኝ» አለች።

ባሌ ፎቶውን ለኤአዩ ሰጠው፤ ኤአዩም ጠገነው። ጉንጩ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። ልጅቱ «አየሽ እማዬ?» አለች። እናቷ ተመልሳ ተቀመጠች፤ አንጀቴን በላችው።

«አታጨብጭቡ» አለ ባሌ። «ይሄ ምስክር አይደለም። ውሃ የበላው ቦታ ላይ ምን እንደነበረ አያውቅም። ስንት ሺህ ፊት አይቶ ተምሯል፤ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ሞላው እንጂ።»

ከዚያ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። ባሌ የሚያሳፍር እውነት ሊናገር ሲል እንዲህ ነው።

«ፎቶው ሳይበላሽም ጠባሳ አልነበረበትም» አለ። «ሙሽራው ይመርልኝ ብዬ ፊልሙ ላይ በእርሳስ ቀብቼ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ዕድሜዋን ሙሉ አንቱ ስትለው የኖረችው ልብስ ሰፊ «ማን አጥፋ አለህ?» አለችው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ያ እርሳስ አርባ ዓመት እንጀራ እንዳበላኝ ግን አልረሳሁም።

በማግስቱ የሠርጉ ፎቶ የታጠበበትን ፊልም ከካርቶን ውስጥ አወጣ። እርሳሱ ያረፈው ፊልሙ ላይ ነበርና ጥጥ ቀለም በሚያስለቅቅ ተርፔንታይን ነክሮ ቀስ እያለ ጠረገው። መብራቱን እኔ ያዝኩለት። ፎቶውን እንደ አዲስ አጥቦ ሲያወጣው ጠባሳው ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ድረስ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ወስደን ልብስ ስፌት ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። ልብስ ሰፊዋ አየችውና «አሁን ነው ራሱን የመሰለው፣ አስቀያሚው» ብላ አለቀሰች። ልጅቱ ጠባሳውን በጣቷ ተከተለችው።

«እማዬ፣ የወደቀው ከየትኛው አጥር ነው?» አለች።

እናቷ መቀሷን አስቀምጣ «ነይ ላሳይሽ» ብላ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች።