ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ

በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ እትዬ ጉዳዩ ናት። በጸሐፊነት በሠራችባቸው ሃያ ስምንት ዓመታት «ጉዳዩ» ሳይጻፍበት ከእጇ የወጣ ወረቀት የለም። ለጽዳት ሠራተኛዋ የምትተወውን ቁራጭ ማስታወሻ እንኳ «ጉዳዩ፦ የቢሮ ቁልፍን ይመለከታል» ብላ ነበር የምትጀምረው።

ይህን ያስተማሯት ልጅ ሳለች የጽሕፈት ትምህርት ቤት የነበሩ መምህርት ናቸው። ሁልጊዜ ግራጫ ሹራብ ይለብሳሉ። ከተማሪዎቹ ጀርባ እየተመላለሱ የመተየቢያውን ድምፅ ብቻ ሰምተው የማን ጣት እንደሳተ ያውቁ ነበር። «ጉዳዩ ላይ ሁሉን የምትዘከዝክ ጸሐፊ፣ ገና ደጃፍ ላይ ሆና ችግሯን እንደምትጮኽ እንግዳ ናት» ይሉ ነበር። «መጀመሪያ ግቢ፣ ተቀመጪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተናገሪ።» በዚያ አዳራሽ አብረዋት ከተማሩት ሠላሳ ልጃገረዶች ዛሬ የት እንዳለች የምታውቃት አንዲት እንኳ የለችም። ትምህርቱ ግን አብሯት አረጀ።

ደብዳቤው በኢሜይል ሲተካም የቀረባት ማኅተሙ ብቻ ነው። ወንበር ሲሰበር «ትብብር ስለመጠየቅ»። ውኃ ሲጠፋ «ትብብር ስለመጠየቅ»። ውኃው ሲመጣ «ስለተደረገልን ትብብር ምስጋና ስለማቅረብ»። ምስጋናውን አይተው ውኃ ጠፍቶ እንደነበር ያወቁ አለቆች ነበሩ ይባላል።

በዚያ ሳምንት ግን የወረቀት ነገር መጣ። አስራ አንድ ተማሪዎች በሚቀጥለው ሰኞ የመጨረሻ ፈተና ይቀመጣሉ። ፈተናው የሚታተመው ነጥቡ በጣት እንዲነበብ ወፍራም በሆነ የብሬል ወረቀት ላይ ነው። ውሉ የወረቀቱ ውፍረት ባለ 140 ግራም ይሁን ይላል፤ አቅራቢው ያገኘው ግን ባለ 160 ብቻ ነው። የአቅራቢው መጋዘን ኃላፊ በስልክ ቁርጡን ነገራት፦

«እህቴ፣ የግዢ ኦፊሰሩ በጽሑፍ ‹ይሁን› ካላሉ አንዲት ካርቶን አላወጣም። ረቡዕ አስር ሰዓት ላይ ደግሞ ለቆጠራ እዘጋለሁ። ከዚያ ለሳምንት አትፈልጊኝ።»

ወረቀት ከሌለ ፈተና የለም። አስራ አንዱ ልጆች አንድ ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለው ቀጣዩን ሊጠብቁ ነው።

ሰኞ ለዋናው መሥሪያ ቤት የግዢ ኦፊሰር ጻፈች፤ «ትብብር ስለመጠየቅ»። ዝም። ማክሰኞ ጠዋት «በድጋሚ ትብብር ስለመጠየቅ»። ዝም። ማክሰኞ ከሰዓት «አስቸኳይ ትብብር ስለመጠየቅ»። አሁንም ዝም። ረቡዕ ምሳ ሳትበላ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደች።

የግዢ ኦፊሰሩ ዓይኑ የቀላ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ እስክሪብቶ የሚፈልግ ጎልማሳ ነው።

«ሦስት ጊዜ ልኬልዎት ነበር፣ ጌታዬ» አለችው።

«በምን ርዕስ?»

«ትብብር ስለመጠየቅ።»

ሰውየው ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረው። ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ሰልፈኛ፦ ትብብር ስለመጠየቅ፣ ትብብር ስለመጠየቅ፣ ትብብር ስለመጠየቅ። የላኪዎቹም ስም ሁሉም «ጽሕፈት ቤት» ነው።

«አርባ ሰባት ትብብር አለኝ። እርስዎ ስንተኛው ትብብር ነዎት?»

«አስቸኳይ ያልኩትስ?»

«አስቸኳይ የሚለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ በራሱ ወደማይታይ ሣጥን ይከተዋል። ትላንት ‹እጅግ በጣም አስቸኳይ› የሚለውን ደንግጬ ከፈትኩት። የመጋረጃ ቀለም ምርጫ ነው።»

በዚህ መሃል በሩ ተከፍቶ «ጨረታ ኮሚቴው አንተን ብቻ ነው የሚጠብቀው!» የሚል ድምፅ ገባ። ሰውየው ብድግ አለ። «እሺ እናቴ፣ አንድ ደቂቃ አለኝ፤ ምንድን ነው?»

እትዬ ጉዳዩ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በቅድሚያ መሥሪያ ቤታችሁ ለትምህርት ቤታችን ለሚያደርገው ያልተቋረጠ ድጋፍ ያለንን ከፍ ያለ ምስጋና...»

ደቂቃዋ አለቀች።

«ለነገሩ በቃል ማጽደቅም አልችልም» አለ እየሮጠ። «ይጻፉልኝ። እስከ አስራ አንድ ተኩል አልወጣም፤ ሞባይሌን ግን ከጠረጴዛ ሥር አያለሁ። የሚታየኝ የርዕሱ የመጀመሪያ ሦስት አራት ቃል ነው። በእሱ ካልገባኝ አልከፍተውም፤ ሰብሳቢው ዓይኑን ከእኔ አያነሳም።»

ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ጣቷ በራሱ ጊዜ «ትብብር ስለመ» ድረስ ሄደ። አጠፋችው። «የብሬል ወረቀትን ይመለከታል» አለች። ቢመለከትስ? ያንንም አጠፋችና የብሬል መምህሩ ጋ ደወለች። መምህሩ ራሱ ማየት የተሳነው ነው፤ እሷን ካልነካካ ቀኑ የማይሞላለት ቀልደኛ።

«እትዬ፣ እኔ ኢሜይል የምሰማው በጆሮዬ ነው» አላት። «ኮምፒውተሩ ርዕሱን ሲያነብልኝ፣ በሦስት ቃል ምን እንደሚፈለግብኝ ካልሰማሁ እዘለዋለሁ። ያንቺን ስንቱን እንደዘለልኩ ብነግርሽ ታለቅሻለሽ።»

«አንተ ባለጌ!»

«ስድቡን ለነገ አቆዪው። ሰውየው ምን ያድርግልሽ?»

«ቢተባበረን...»

«እትዬ! ትብብር አይፈረምበትም። ምን ያድርግ?»

«ያጽድቅ።»

«ምኑን?»

«ባለ 160ውን ወረቀት፣ በ140ው ፋንታ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ዛሬ አስር ሰዓት።»

«በይ አሁን ያልሽኝን ጻፊ። ምስጋናውን ከውስጥ ክተቺው።»

«ይሄማ ትእዛዝ ነው የሚመስለው። ለበላይ?»

«አስራ አንድ ልጆች እዚህ ፊቴ ተቀምጠዋል። እነሱን ጠይቄ ልመለስ?»

ዘጋችው። ለአፍታ ግራጫው ሹራብ ከጀርባዋ የቆመ መሰላት፤ ዞር ብላ ልታይ ትንሽ ነው የቀራት። ከዚያ አዲስ መልእክት ከፍታ ጻፈች፦

«ያጽድቁ ዛሬ እስከ 10 ሰዓት፦ የብሬል ወረቀት 160 ግራም በ140 ፋንታ፣ የግዢ ትእዛዝ ቁጥር 212»

ከውስጥ ምክንያቱን በሁለት መስመር አስቀመጠች። ለደንቡ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር በግልባጭ ጨመረችና ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ላከችው።

በአስራ አንድ ደቂቃ መልስ መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ሰው፣ ሰላምታም ሳይጨምር፦ «ማተሚያችሁ 160 ይቀበላል? ዋጋው ይለወጣል?»

«እስከ 180 ይቀበላል። ዋጋው አይለወጥም፤ የአቅራቢው ማረጋገጫ ተያይዟል» ብላ መለሰች። «በታላቅ አክብሮት» የሚለውን ልትጨምር ብላ ሰዓቱን አየችና ተወችው።

ዘጠኝ ከአርባ አራት፦ «ጸድቋል።»

ወዲያው ርዕሱን ለውጣ ለመጋዘን ኃላፊው አስተላለፈችለት። እሱም ቁልፍ እያንቃጨለ ደወለ። «ደርሶኛል። ‹ትእዛዝ 212 ጸድቋል፣ አሁን ይጫን› የሚለውን ርዕስ ሳይ ነው ጫኞቹን ከበር የመለስኳቸው። መኪናው እየጫነ ነው፤ ነይና አብረሽ ሂጂ።»

ደረጃውን እየወረደች ሳለ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዳይሬክተሩ ናቸው፤ ግልባጩ ደርሷቸዋል።

«‹ያጽድቁ›? ለዋናው መሥሪያ ቤት ‹ያጽድቁ›? በሃያ ስምንት ዓመት ከእርስዎ እንዲህ ያለ ድፍረት ጠብቄ አላውቅም! ዛሬውኑ ይቅርታ ይጻፉላቸው!»

በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። አሁን ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ነው የምታየው።

«እጽፋለሁ» አለች። «እስከዚያው ሁለት ጉልበት ያላቸው ሰዎች አስራ አንድ ሰዓት ላይ በር ላይ ይጠብቁኝ። አስራ ሁለት ካርቶን ነው፤ ከባድ ነው።»

«ሁለት ሰው ይበቃል?» አሉ ዳይሬክተሩ።