የብስክሌቱ ገዢ

የሥነ ዜጋ መምህርቷን ተማሪዎቿ በሌለችበት «ፍሬ ነገር» ይሏታል። ክፍል በገባች ቁጥር «ደንቡንማ በቀቀንም ይሸመድደዋል፤ ፍሬ ነገሩን አንብቡ!» እያለች ስለምትጮህ ነው። ሰው መናቅ የጀመረችው መቼ እንደሆነ እሷም አታውቀውም። ተማሪዎቿን የጥያቄውን የመጀመሪያ መስመር አይተው መልስ ስለሚዘረግፉ ትንቃቸዋለች። ባልደረቦቿን ደግሞ ሲያርሙ ከመልስ ቁልፉ ላይ ዓይናቸውን ስለማያነሱ። ከሁሉም አብልጣ የምትንቀው የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ነው፤ የከረመ ፈተና ነካክቶ «አዲስ አወጣሁ» እያለ ደረቱን የሚነፋ ሰው ነው። መናቋ ደግሞ አልበዛም፤ ሰዎቹ ይገባቸዋል።

የዘንድሮው ማጠቃለያ ፈተና ሰባተኛ ጥያቄ ደንቡን ራሱ አስቀምጦ ነበር፦ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ የገባውን ውል ልጁ ወይም አሳዳጊው ሊያስፈርሱት ይችላሉ። ከዚያ ታሪኩ ይከተላል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እናቱን ሳያስፈቅድ ብስክሌቱን ለአንድ ጎልማሳ መካኒክ ሸጠ። በማግስቱ መካኒኩ ሐሳቡን ቀየረና «ልጁ ዕድሜው አልደረሰም፤ ውሉ ይፍረስልኝ» አለ። ማስፈረስ ይችላል? ምክንያትህን ጻፍ።

መምህርቷ ወረቀቶቹን በሁለት ቀን አርማ ጨረሰች። እያረመችም «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!» እያለች ብቻዋን ትስቅ ነበር።

ውጤት በተመለሰ ዕለት አንዲት ልጅ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመች። ክፍሉን ሁለተኛ ጊዜ የምትማር፣ ሁሉም «ደጋሚዋ» የሚሏት ልጅ ናት። ለማለፍ ሁለት ነጥብ ጎድሏታል፤ ዘንድሮም ከወደቀች ትምህርት ቤቱ ያሰናብታታል።

«ልመና ከሆነ ተመለሺ» አለቻት መምህርቷ ቀና ሳትል።

«ልመና አይደለም ቲቸር። ሰባተኛው ላይ ነው። አንዴ ያንብቡልኝ።»

እየተነጫነጨች ወረቀቱን ተቀበለች። ልጅቷ በተንጋደደ እጅ ጽሑፍ «አይችልም» ብላለች። «ደንቡ መብቱን የሰጠው ለልጁና ለአሳዳጊው ነው። መካኒኩ ከሁለቱ አንዱም አይደለም።» ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ወፍራም ኤክስ አለ። ኤክሱ የመምህርቷ የራሷ ነው።

ጥያቄውን ደግማ አነበበች። እንደገናም አነበበች። የመልስ ቁልፉ «ይችላል» ስላለ እሷም «አይችልም» የሚለውን ሁሉ፣ ምክንያቱን ሳታይ፣ ኤክስ ስታደርግ ነው የሰነበተችው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።

«እዚሁ ጠብቂኝ» አለቻትና ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባች።

ኃላፊው ወረቀቱን አየት አድርጎ ተንፈስ አለ። «በአምናው ጥያቄ ይፍረስ ያለችው የልጁ እናት ነበረች፤ መልሱም ይችላል ነበር። ዘንድሮ እንዳይኮራረጁ ብዬ እናትየዋን አውጥቼ ገዢውን አስገባሁ።»

«መልሱንስ?»

«መልሱን... እሱን ረሳሁት።»

«ጥያቄ ለውጠህ መልስ ትረሳለህ?»

«አንቺስ ስታርሚ አላየሽውም?»

ይህ ከንቱ ሰው፣ በዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልክ የሆነ ነገር ተናገረ። የመዋረድን ጣዕም እስከዚያች ቀን አታውቀውም ነበር፤ መራራ ነው።

ኃላፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ እህቴ፣ ነገር አናብዛ። ለልጅቷ በተሳትፎ ብለሽ ሁለት ነጥብ ጣል አድርጊላትና ትለፍ። እሷም ትመርቅሻለች፣ እኛም እናርፋለን።»

«ስጦታ ነው እንዴ የምሰጣት? መብቷ እኮ ነው! ልክ ጽፈው ኤክስ ያደረግሁባቸው ሌሎቹስ?»

«እነሱ አልመጡማ።»

መምህርቷ አፈጠጠችበት። ሃያ ዓመት የናቀችው ሰው ከዚህም በታች የሚወርድበት ቦታ ነበረው ለካ። ይበልጥ ያንገሸገሻት ግን ሐሳቡ ለአፍታ ምቹ መስሎ የታያት መሆኑ ነው፤ ማንም ሳይሰማ፣ በሁለት ነጥብ ስሟ ተጠብቆ ሊቀር ነበር።

ወጥታ ደጋሚዋን «ተከተይኝ» አለቻትና ተማሪዎቹ ወዳሉበት ክፍል ገባች።

«ወረቀታችሁን መልሱልኝ። ሰባተኛው ጥያቄ እንደገና ይታረማል። ይችላል ብላችሁ ነጥብ ያገኛችሁ ታጣላችሁ፤ አይችልም ብላችሁ ምክንያቱን በትክክል የጻፋችሁ ታገኛላችሁ።»

ከኋላ ወንበር አንዱ ተነሣ። «ቲቸር፣ ግን ማነው ያበላሸው?»

«መልስ ቁልፉ ተሳስቶ ነው» ማለት ትችል ነበር። ውሸትም አይሆንም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሳላነብ ነው ያረምኩት።»

ሃያ ዓመት ተማሪ ስትሰድብ የኖረች ሴት ናትና፣ የሚስቅባት ጠብቃ አንገቷን ደፋች። ማንም አልሳቀም። ደጋሚዋ ቀድማ ተነሥታ የሁሉንም ወረቀት መሰብሰብ ጀመረች።